ጫፎቹ የታሰሩ የብረት ቢም ከላይ ሲሞቅ በውስጡ የሚፈጠረውን ጫና እንዴት እናሰላለን?

ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት የብረት ቢም እኩል አይሞቅም። የላይኛው ገጹ ሲግል የታችኛው ጥላ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ጫፎቹ ጠንካራ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበሩ ደግሞ መርዘምም መጉበጥም አይችልም። ስሌቱን ብዙዎች የሚሠሩት በአማካዩ ሙቀት ብቻ ነው፤ በላይና በታች መካከል ያለው ልዩነት ግን የራሱ ሥራ አለው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቢሙ አይፒኢ 300 የሚባለው የአይ ቅርጽ ያለው ብረት ነው፤ ቁመቱ 300 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር። ጫፎቹ የታሰሩት ብረቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እያለ ነው። እኩለ ቀን ላይ ላዩ 60፣ ታቹ 30 ዲግሪ ደረሰ።

መጀመሪያ ጭማሪውን ያውጡ። ለስሌቱ የሚያስፈልገው የዕለቱ ሙቀት ሳይሆን ጫፎቹ ከታሰሩበት ሙቀት ወዲህ የመጣው ለውጥ ነው። ስለዚህ ላዩ በ40፣ ታቹ በ10 ዲግሪ ጨምሯል። አማካዩ 25፣ ልዩነቱ 30 ይሆናል።

ቀጥሎ ቢሙ ነጻ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ያስቡ። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል። አማካዩ 25 ዲግሪ ቢሙን 1.8 ሚሊሜትር ያስረዝመዋል። የ30 ዲግሪው ልዩነት ደግሞ ጫፎቹ ላይ በቀላሉ ቢቀመጥ ኖሮ መሐሉን 5.4 ሚሊሜትር ወደ ላይ ያጎብጠው ነበር። ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ መስመር እስከቀነሰ ድረስ በዚህ ነጻ ቢም ውስጥ ምንም ጫና አይኖርም። ጫናውን የሚፈጥረው ሙቀቱ ብቻውን ሳይሆን ክልከላው ነው።

አሁን ክልከላውን ይመልሱ። የብረት የመለጠጥ ሞጁለስ 200,000 ሜጋፓስካል ነው። ይህን በ12 ሚሊዮንኛ ስናባዛ በእያንዳንዱ የተከለከለ ዲግሪ 2.4 ሜጋፓስካል እናገኛለን። ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ላዩ 40 × 2.4 = 96፣ ታቹ 10 × 2.4 = 24 ሜጋፓስካል፣ ሁለቱም እመቃ። ቢሙ ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል፤ ዓይን ምንም አያይም።

ግድግዳው የሚሸከመውን ለማወቅ ይህን ጫና ወደ ሁለት ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። አማካዩ 60 ሜጋፓስካል በቢሙ የ5,381 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ሲባዛ 323 ኪሎኒውተን የሚገፋ ኃይል ይሰጣል። ቀሪው፣ ላይ 36 እመቃ ታች 36 ውጥረት፣ የመታጠፍ ድርሻ ነው፤ በየጫፉ 20 ኪሎኒውተን ሜትር ገደማ ሞመንት ይጠይቃል።

ምልክቱ ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ። ከላይ የሞቀው ቢም ወደ ላይ መጉበጥ ይፈልጋል፤ ጫፎቹ የሚሰጡት ሞመንት ደግሞ ወደ ታች ይመልሰዋል። ስለዚህ የመታጠፍ ድርሻው የሞቀውን ጎን ያምቃል፣ የቀዘቀዘውን ይወጥራል። መልስዎ በሞቀው ጎን ላይ ውጥረት ካሳየ ምልክቱን ገልብጠዋል ማለት ነው።

በስሌቱ ውስጥ ርዝመት እንዳልገባ አስተውለው ይሆናል። የ6 ሜትሩም የ12 ሜትሩም ቢም ያው 96 ሜጋፓስካል አላቸው። ወደ ጎን መጉበጥ ግን ርዝመትን አይረሳም። በኦይለር ቀመር፣ ጫፎቹ ፍጹም ታስረው ሳለ፣ 6 ሜትሩ በደካማው አቅጣጫ የሚጎብጠው 1,325 ኪሎኒውተን አካባቢ ነው። 12 ሜትሩ ግን 331 ላይ፤ ሙቀቱ ብቻውን 323 አድርሶታል። የቢሙ ክብደትና የተሸከመው ጭነት የሚፈጥሩት ጫና ገና አልተደመረም።

እስካሁን ግድግዳውን የማይንቀሳቀስ አድርገን ወስደናል፤ በተግባር እንዲህ ያለ ግድግዳ የለም። ሁለቱ ግድግዳዎች በድምሩ 0.9 ሚሊሜትር ቢገፉ፣ የ1.8ቱ ግማሽ ስለሆነ፣ 60ው ወደ 30 ይወርዳል። ጫፎቹ ካልዞሩ ግን 36ቱ አይነካም። ያኔ ላዩ 66 እመቃ፣ ታቹ 6 ሜጋፓስካል ውጥረት ይሆናል። እመቃ ብቻ ነው የተባለው የታችኛው ገጽ ወደ ውጥረት ተሻገረ። ለብረት ይህ ቀላል ነው፤ ውጥረት ለማይወድ ኮንክሪት ግን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

በአንዱ ጫፍ የቡሎን ቀዳዳውን ማስረዘም የተለመደ መፍትሔ ነው። በደንብ የሚንሸራተት ከሆነ 60ውን ያጠፋል። መጋጠሚያው መዞርን መከልከሉን ከቀጠለ ግን 36ቱ ላይም ታችም ይቀራል። እሱን ለማስወገድ ሁለቱም ጫፎች መዞርም መቻል አለባቸው።