ሳይከፈት የተመለሰ ዕቃ ላይ ሪስቶኪንግ ፊ ሲቆረጥባችሁ

ምልክቱ

ዕቃውን ሳትነኩት መለሳችሁ፣ ገንዘቡ ግን ጎድሎ ገባ። እኔም ደርሶብኛል። እዚህ አሜሪካ በ240 ዶላር የኤሌክትሪክ ምጣድ በኦንላይን አዘዝኩ፣ ለካ እህቴም ገዝታልኝ ኖሯል፣ የኔን እንደታሸገ መለስኩት። የገባልኝ 204 ዶላር ነው። 36ቱን፣ ማለትም 15 በመቶውን፣ የተመለሰን ዕቃ መልሶ ለሽያጭ ለማስገባት የሚቆረጥ ክፍያ፣ ሪስቶኪንግ ፊ፣ ብለው ቆርጠውታል። «አልተጠቀምኩበትም፣ ገንዘቤን መልሱ» ብዬ ጻፍኩ። «በፖሊሲያችን መሠረት ነው» አሉኝ፣ አለቀ።

ምክንያቱ

ፖሊሲውን በደንብ ሳነበው ገባኝ። ክፍያው ያለው «ለተከፈተ ዕቃ» ነው። እኔ የጻፍኩት ስላለመጠቀሜ ነው፣ እነሱ የሚያዩት ደግሞ መከፈት አለመከፈቱን። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚረከበው ሰው ምጣዱ ላይ እንጀራ ተጋግሮ እንደሆነ አይመረምርም፤ ካርቶኑንና ፕላስተሩን አይቶ «ተከፍቷል» ወይም «አልተከፈተም» ብሎ ይመዘግባል፣ ሂሳቡ የሚሠራው ከዚያ ነው።

መፍትሄው

መጀመሪያ በገዛችሁበት ቀን የነበረውን ፖሊሲ ፈልጉ። የትዕዛዝ ማረጋገጫው ኢሜይል ላይ ብዙ ጊዜ ሊንኩ አለ። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«የትዕዛዝ ቁጥሬ ይኸው። ፖሊሲያችሁ 15 በመቶ የሚቆረጠው ለተከፈተ ዕቃ ነው ይላል። የኔ አልተከፈተም፤ ከመላኬ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ተያይዟል። ተከፍቷል ካላችሁ ስትረከቡት ያነሳችሁትን ፎቶ ላኩልኝ። ካልሆነ 36 ዶላሩን በ10 ቀን ውስጥ መልሱ።»

የሠራልኝ ፎቶ ጠይቄ መጻፌ ነው። በሁለተኛው ቀን ላኩልኝ፤ የውጪው ካርቶን አንዱ ጥግ መንገድ ላይ ተቀዷል፣ የውስጡ ካርቶን ፕላስተር ግን እንደነበረ ነው። ይህንኑ ጠቁሜ መለስኩላቸው፣ 36ቱ ገባ።

ፖሊሲው «የታሸገም ቢሆን ይቆረጣል» ካለና ስትገዙ በግልጽ ከታየ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ በኦንላይን ገዝቶ ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ሙሉ ገንዘብ መልሱ የሚል የፌደራል ሕግ የለም። የቀራችሁ ሱቁን በትሕትና መለመን ነው። ፖሊሲው ከግዢው በፊት ካልታየ ግን ኢሜይሉ ላይ ይህን ጻፉ፣ ምክንያቱም እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ያሉ ግዛቶች የመመለሻ ደንብ ለገዢ በግልጽ እንዲታይ ያስገድዳሉ።

ሱቁ ዝም ካለና የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ለባንኩ በጽሑፍ ተከራከሩ። ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ ሱቁን ስትጠብቁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ይህ የ60 ቀን መብት ለዴቢት ካርድ አይሠራም።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። እዚያው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ካለ ሱቅ በኦንላይን የገዛችሁትን አብዛኛውን ዕቃ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ መመለስ ትችላላችሁ። የመላኪያውን ትከፍሉ ይሆናል፣ ላልተነካ ዕቃ ግን ሪስቶኪንግ ፊ ሊቆርጡባችሁ አይችሉም፤ ኢሜይሉ ላይ የ14 ቀኑን መብት ጥቀሱ።