«አሳጥረው» ብቻ አይበቃም

የጻፋችሁትን እንደገና ለሚያስተካክልላችሁ ሰው «አጭር፣ ቀለል ያለ፣ ሞቅ ያለ ይሁን» ብላችሁ ሦስቱንም ባንዴ አትጫኑበት። በየዙሩ አንድ ነገር ጠይቁ። ማሳጠሩ ይቅደም። ሞቅታውን ካስቀደማችሁ፣ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ዕቃው ለዘገየበት ደንበኛ የሚላክ መልእክት እንዲህ ይላል እንበል፦ «በአቅርቦት ሂደት በተፈጠረው መዘግየት ምክንያት ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ የምንጠይቅ መሆኑን እየገለጽን፣ ዕቃዎ ሐሙስ የሚደርስዎ መሆኑን እናሳውቃለን።»

አንደኛ ዙር፦ «ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አድርገው፤ ይቅርታውና ሐሙስ የሚለው ይቆዩ።» የሚቆየውን ካልነገራችሁት ቀኑም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ተስተካክሎ ሲመጣ፦ «ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዕቃዎ ሐሙስ የሚደርስዎ መሆኑን እናሳውቃለን።»

አጥሯል፣ ግን አሁንም ደረቅ ነው። «ደረቀብኝ» ብቻ ብትሉት ይገምታል። ቃሉን ጠቁሙት፦ «‹መሆኑን እናሳውቃለን› ይውጣ፤ አንቱታው ግን ይቆይ።» ይቺን ካላላችሁ፣ አንዳንዱ ቀለል አደረግሁ ብሎ ደንበኛውን «አንተ» ይለዋል! አሁን፦ «ስለዘገየን ይቅርታ። ዕቃዎ ሐሙስ ይደርስዎታል።»

ሦስተኛው ዙር ነው አስቸጋሪው። «ሞቅ አድርገው» ሲባል ብዙ ሰው ምስጋናና ቃለ አጋኖ ይደረድራል። ስለዚህ ሞቅታው ከየት እንዲመጣ እንደምትፈልጉ ንገሩት፦ «ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ መክረሙን እንደምናውቅ የሚያሳይ አንድ ሐረግ ይግባ።» ውጤቱ፦ «ሳምንቱን ሙሉ ስላስጠበቅንዎ ይቅርታ። ዕቃዎ ሐሙስ ይደርስዎታል።»

የየዙሩን ቅጂ አስቀምጡ። ሦስተኛው ከተበላሸ እሱን ከመጠጋገን ወደ ሁለተኛው ተመልሶ ጥያቄውን መቀየር ይቀላል።