ቤት ገዝታችሁ ስም አልዞር ሲል

ምልክት፦ ውልና ማስረጃ ሻጩን መለሰው።

አንድ ወዳጄ የደረሰበት ነው። ካርታው በሻጩ ስም ብቻ ነበር። ሰውየው "ፈትቻለሁ" አለ፤ የፍርድ ቤት ወረቀትም አሳየ። ወዳጄ አመነና የቤቱን ዋጋ ግማሽ ከፈለ። ውሉን ለመፈራረም ሲቀርቡ ግን የውልና ማስረጃዋ ሠራተኛ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ "የንብረት ክፍፍሉስ?" አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው "ጋብቻው ፈርሷል" የሚል ብቻ ነው።

ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት፣ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ፍቺ ብቻውን ቤቱን አይከፍልም። ከጋብቻ በፊት የተገዛ ወይም በውርስ የመጣ ቤት ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለውን ስም ብቻ ሳይሆን ቤቱ የተገኘበትን ቀን ከጋብቻው ቀን ጋር አስተያዩ።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ የቀድሞ ሚስቱ ውሉ ላይ አብራ ትፈርማለች፣ ወይ ቤቱ ለእሱ እንደደረሰ የሚያሳይ የክፍፍል ውሳኔ ይቀርባል። ትዳሩ ያልፈረሰ ሻጭ ደግሞ ብቻውን ቢሸጥላችሁ፣ ሚስቱ ባወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉን በፍርድ ቤት ልታፈርሰው ትችላለች። ወዳጄን የጎዳው ቀድሞ ግማሹን መክፈሉ ነው። ትንሽ ቀብድ ይበቃ ነበር። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፍ ይመልሳል፤ ግን "ቀብድ" የሚለው ቃል በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ምልክት፦ ሻጩ የካርታ ኮፒ ብቻ ያሳያል፤ "ዋናው ካርታ እቤት ነው ያለው" ይላል።

ዋናው ካርታ ምናልባት ባንክ ነው። ቤቱ በብድር ተይዞ ከሆነ ኮፒው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ የተመዘገበው ዕዳ ግን ከቤቱ ጋር ወደ እናንተ ይመጣል። ሻጩ ከይዞታ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ያውጣ። ዕዳ ከተገኘ ሽያጩ አበቃለት ማለት አይደለም። ባንኩ ቀሪውን ዕዳ በደብዳቤ ይገልጻል። እናንተ በቀጥታ ብድሩ ሒሳብ ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ለሻጩ የተረፈውን ብቻ። ባንኩ የዕዳ መሰረዣ ሲጽፍ እገዳው ይነሳል። የአምና ማጣሪያ ይዞ ለሚመጣ ግን "አዲስ አውጣ" በሉት።

ምልክት፦ ሻጩ ውጭ አገር ነው፤ ወንድሙ በውክልና ይሸጣል።

ውክልናው "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" ብቻ የሚል ከሆነ ቤት አይሸጥበትም። "እንዲሸጥ" የሚል ቃል ፈልጉ። ወካዩ ከሞተ ወይም ከሻረው ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ባለቤቱን በቪዲዮ ደውላችሁ አናግሩት። ወንድምየው ሰበብ እየፈጠረ ጥሪውን ካራዘመ፣ እኔ ብሆን ቤቱን እተወዋለሁ።