የአንድ ሳምንት የደም ግፊት ፎቶዎችን አንብቦ አማካዩንና ልዩነቱን ማውጣት

እናት ድሬዳዋ፣ ልጅ አዲስ አበባ። እናት ጠዋትና ማታ ግፊታቸውን ይለካሉ፣ የመለኪያውን ስክሪን በስልክ ያነሳሉ፣ በቴሌግራም ይልካሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጁ ስልክ ላይ 28 ፎቶ ተከማችቷል። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ፎቶዎቹን ሳይሆን «በአጠቃላይ ስንት ነው? ከስንት እስከ ስንት ይደርሳል?» የሚለውን ነው። ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት የላኳቸውን ፎቶዎች ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሥራው።

1. አለካኩን አንድ ዓይነት አድርጉ

ለሰባት ቀን፣ ጠዋት ሁለቴ ማታ ሁለቴ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እየጠበቁ ይለኩ። ከዚያ በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባን ደገፍ አድርጎ፣ እግርን ሳያነባብሩ በዝምታ መቀመጥ ያስፈልጋል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ የሚጠቀለለው ጨርቅ በልብ ትክክል ይሁን። የጠዋቱ ልኬት ከመድኃኒትና ከቡና በፊት ነው።

የእኛን አካባቢ የሚመለከት ነገር ደግሞ አለ። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል። ከሰዓት በርጫ ላይ የዋለ ሰው ማታ የሚለካው ቁጥር የዘወትር ግፊቱን አያሳይም። ስለዚህ ፎቶው ሲላክ ከሥሩ አንድ መስመር ይጻፍ፦ «ዓርብ ማታ፣ ጫት ነበር»። ይቺ መስመር ኋላ ላይ ብዙ ጥያቄ ትመልሳለች።

2. ፎቶውን በጥንቃቄ አንብቡ

`SYS` የላይኛው ግፊት ነው፣ `DIA` የታችኛው፣ `PUL` ወይም `PULSE` የልብ ምት። መለኪያው `mmHg` ላይ መሆኑን እዩ። ስክሪኑ ላይ `M` ከታየ ፎቶው የተነሳው ከማስታወሻው ላይ ነው። ያ ቁጥር የትናንት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቴ እንዳትመዘግቡት። `AVG` የሚል ካለ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያወጣው አማካይ ስለሆነ ከልኬቶቹ ጋር አትደምሩት።

ሰዓቱም ያሳስታል። ማሽኑ 7:00 ሲል በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ነው። ባትሪ ሲቀየር ቀኑና ሰዓቱ የሚጠፋባቸው መለኪያዎችም አሉ። ቴሌግራም የሚያሳየው የተላከበትን ሰዓት እንጂ የተለካበትን አይደለም። ከሥር በእጅ የተጻፈውን ቀን እመኑ።

ትልቁ ችግር የአሃዞቹ ቅርጽ ነው። እያንዳንዱ አሃዝ የሚሠራው ከሰባት አጫጭር መስመሮች ነው። ፍላሽ ወይም የመስኮት ብርሃን አንዷን መስመር ሲሸፍናት 8 ቁጥር 6፣ 9 ወይም 0 ይመስላል። 7 ደግሞ የላይኛዋን መስመር ሲያጣ 1 ይሆናል። ፍላሽ አጥፍቶ፣ ስልኩን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ማንሳት ይበጃል። የደበዘዘ ፎቶ ካለ አትገምቱ። ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ከማስታወሻው አውጥተው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ።

3. መዝግቡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ተዉት

በመጀመሪያው ቀን ሰው ከማሽኑ ጋር ገና አልተላመደም፣ ቁጥሩ ከፍ ማለት ይወዳል። ስለዚህ የሰኞን አራት ፎቶዎች ከስሌቱ እናወጣለን፣ 24 ይቀራሉ። ሁለት ሁለቱን ወደ አንድ እናምጣ። ማክሰኞ ጠዋት 141/86 እና 135/82 ነበር። 141 እና 135 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 138፤ 86 እና 82 ደግሞ 84። ሌሎቹም እንዲሁ ተሠርተው ይኸው፦

| ቀን | ጠዋት | ማታ |
|---|---|---|
| ማክሰኞ | 138/84 | 142/86 |
| ረቡዕ | 134/82 | 140/88 |
| ሐሙስ | 136/84 | 138/84 |
| ዓርብ | 132/80 | 158/94 |
| ቅዳሜ | 140/86 | 142/86 |
| እሁድ | 134/82 | 138/84 |

4. አማካዩን አውጡ

የላይኛውና የታችኛው ለየብቻ ነው የሚሰላው። አሥራ ሁለቱ የላይኛ ቁጥሮች ሲደመሩ 1672 ናቸው፣ ለ12 ሲካፈሉ 139 ከምናምን። የታችኞቹ ድምር 1020፣ ለ12 ሲካፈል 85። አማካዩ 139/85 ሆነ።

ካልኩሌተር ከሌለ 140ን መነሻ አድርጉና ትርፍና ጉድለቱን ብቻ ደምሩ። ጠዋቶቹ በድምሩ 26 ይጎድላሉ፣ ማታዎቹ 18 ይተርፋሉ። የተጣራው ጉድለት 8 ነው፣ ለ12 ሲካፈል አንድም አይሞላ። ስለዚህ አማካዩ ከ140 ትንሽ ዝቅ ይላል። ስልክ ላይ ሠንጠረዥ የምትጠቀሙ ከሆነ የላይኛዎቹን ቁጥሮች ከ`B2` እስከ `B13` ጽፋችሁ፦

```
=AVERAGE(B2:B13)
=MIN(B2:B13)
=MAX(B2:B13)
```

ጠዋትና ማታውንም ለዩት። እዚህ ጠዋት 136/83፣ ማታ 143/87 ነው። ይህን ልዩነት ሐኪም ይፈልገዋል፣ መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ለማየት ይረዳዋል።

5. ልዩነቱን አውጡ፣ ከዚያ ጫፎቹን መርምሩ

የላይኛው ከ132 እስከ 158 ነው፣ ልዩነቱ 26። የታችኛው ከ80 እስከ 94፣ ልዩነቱ 14።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። አማካይ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ይወጣል፣ ልዩነት ግን ከሁለት ብቻ ነው የሚወጣው። የዓርብ ማታው ባይኖር አማካዩ 138/84 ይሆን ነበር፣ ብዙም አልተነቃነቀም። የላይኛው ልዩነት ግን ከ26 ወደ 10 ይወርዳል። እንደዚሁ የሐሙስ ማታው 138 በስህተት 188 ተብሎ ቢመዘገብ አማካዩን በ4 ያህል ብቻ ያሳድገዋል፣ ልዩነቱን ግን ወደ 56 ይወስደዋል። ስለዚህ ልዩነቱን ለማንም ከመንገራችሁ በፊት የትንሹንና የትልቁን ፎቶዎች እንደገና ክፈቱ።

የዓርቡን ፎቶዎች ስንከፍት ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። የልብ ምቱ 96 ነው፣ በሌሎቹ ቀናት ግን ከ70 እስከ 78 ነበር። ከሥሩም «እንግዶች መጥተው ጫት ነበር» ተብሏል። ልኬቱ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ታውቋል። እንዲህ ያለውን አትሰርዙ። ከነማስታወሻው ያዙት። የሚሰረዘው ያልተነበበው፣ የተደገመውና ማሽኑ ስህተት ያለበት ብቻ ነው።

6. ለሐኪም እንዴት ይነገር

ልጁ የጻፈው መልእክት ይህ ነው፦ «ከማክሰኞ እስከ እሁድ፣ 24 ልኬት። አማካይ 139/85። ጠዋት 136/83፣ ማታ 143/87። የላይኛው ከ132 እስከ 158፣ የታችኛው ከ80 እስከ 94። 158 የሆነው ጫት በነበረበት ማታ ነው። የመጀመሪያው ቀን አልተካተተም።»

በብዙ የሕክምና መመሪያዎች ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል። ክሊኒክ ውስጥ ሲለካ መስመሩ 140/90 ነው። የእኚህ እናት ውጤት የቤቱን መስመር አልፏል፣ ስለዚህ ቀጠሮ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒት መጨመር ወይም ማቆም ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ሳምንቱ እስኪያልቅ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ቁጥሩ 180/120 ከደረሰ ጥቂት ደቂቃ አርፈው ይድገሙት። ከፍታው ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የዓይን መጋረድ አብሮ ካለ ደግሞ ድጋሚ ልኬት ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። የልብ ምት መዛባት ምልክት ስክሪኑ ላይ ደጋግሞ ከመጣም ለሐኪም ይነገር፣ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ እነዚህ ማሽኖች ትክክለኛ ቁጥር ላያወጡ ይችላሉ።

ለቀጠሮው ሲሄዱ ማሽኑንም ይያዙ። ባለሙያው በራሱ መለኪያና በእናንተው እያፈራረቀ ለክቶ ሁለቱ ይቀራረቡ እንደሆነ ያያል።