ለሰዓት ተከፋይ ሠራተኞች የኦቨርታይም ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል

ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የኦቨርታይም ማስታወቂያ ስታዩት ለኦዲተር የተጻፈ ነው የሚመስለው። «በአዋጁ አንቀጽ 68 መሠረት» ብሎ ይጀምርና ሠራተኛው ሦስተኛው መስመር ሳይደርስ ትቶት ይሄዳል፣ ከዛ ደሞዝ ቀን ሂሳብ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነው። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ዛሬ ማታ ብቆይ ስንት ብር ይገባኛል፣ በኋላ እንዳልካድስ ማን ይፈርምልኝ የሚለውን ነው። ማስታወቂያው እነዚህን ሁለቱን ከመለሰ በቂ ነው፣ ከአንድ ገጽም አያልፍም።

መጀመሪያ ሕጉን አስተካክላችሁ ያዙ። አሁን የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የድሮው 377/96 የቀን ኦቨርታይምን በ1.25፣ የሌሊቱን በ1.5 ነበር የሚያባዛው፣ እና የድሮ ማስታወቂያ ቀን ብቻ ቀይሮ እንደገና የሚለጥፍ ካለ ሠራተኛውን በየወሩ እያጎደለበት ነው ማለት ነው። በአዲሱ አዋጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ኦቨርታይም በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። በዓል ላይ አንድ ነገር አትቀላቅሉ፣ ሰውየው በበዓል ቀን መደበኛ ሰዓቱን ብቻ ከሠራ የሰዓት ክፍያው እጥፍ ነው፣ 2.5 የሚመጣው ከመደበኛው በላይ ሲሠራ ነው። ኦቨርታይም ራሱ ደግሞ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት የቆየ ሰው ለዛ ሳምንት ጨረሰ፣ ቢፈልግም አይጨመርለትም።

ቀጥሎ ማባዣውን ወደ ብር ቀይሩት። ይሄ ነው ትልቁ ሥራ። «በ1.5 ይባዛል» ሲባል ግማሹ ሰው የሚረዳው በመደበኛው ላይ ሌላ አንድ ተኩል ይጨመርልኛል ብሎ ነው፣ በሰዓት 40 ብር የሚያገኝ ሰው 100 ጠብቆ 60 ሲያይ ተበላሁ ይላል፣ አይፈረድበትም። ስለዚህ 60 ብር ብላችሁ ጻፉ፣ 60ው የዛች ሰዓት ሙሉ ክፍያ እንደሆነም ጨምሩበት። የሰዓት ክፍያው ሁለት ሦስት ዓይነት ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ስጡት። የሚባዛው ዋናው የሰዓት ክፍያ ብቻ ነው፣ የትራንስፖርት አበል ምናምን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ታክስም ከደሞዙ ጋር ተደምሮ ነው የሚቆረጠው፣ ይሄንንም በአንድ መስመር ካልነገራችኋቸው እጃቸው ላይ የሚደርሰው ከማስታወቂያው አንሶ ያገኙትና ሌላ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ሰዓት ስትጽፉ ሁሌ በሀበሻ ሰዓት ይሁን፣ «የምሽቱ» «የንጋቱ» እያላችሁ። የአሻራ ማሽኑ 21:00 ብሎ ነው የሚያወጣው፣ ሠራተኛው ግን 3 ሰዓት ነው የሚለው፣ እና ሂሳብ ክፍል ያለው ልጅ አንዱን ወደ ሌላው ሲቀይር ካልተጠነቀቀ የምሽት 4 ሰዓቷ መስመር ትዛነፋለች።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በሰዓት 40 ብር የምታገኝ የማሸጊያ ሠራተኛ የከሰዓት ፈረቃዋ 8 ሰዓቱን ሞልታ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ያልቃል እንበል። ጭነት ስላለ እስከ ምሽቱ 5 ቆየች። ሁለቱ ሰዓት አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ከ3 እስከ 4 ያለው 40 በ1.5 ማለትም 60 ብር፣ ከ4 እስከ 5 ያለው 40 በ1.75 ማለትም 70 ብር፣ ድምሩ 130። ፔይሮል ላይ ሁለቱንም በ1.5 ካሰሉት 120 ይመጣል። 10 ብሯ ትንሽ ትመስላለች ግን ሃያ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ሲሆን ትታያለች። ይሄን ምሳሌ እንዳለ ማስታወቂያው ላይ አስገቡት፣ ሠራተኛው የራሱን ከሱ አይቶ ያሰላል።

አሁን ወደ ፈቃዱ። አዋጁ ኦቨርታይም በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ብቻ ይሠራል ይላል፣ ሠራተኛ አይገደድም፣ ምክንያቱም አደጋ ወይም የአደጋ ስጋት፣ ከአቅም በላይ ነገር፣ አስቸኳይ ሥራ፣ ወይም ማቋረጥ በማይቻል ሥራ ላይ የቀረ ሰውን መተካት መሆን አለበት። ትእዛዙንና በተግባር የተሠራውን ሰዓት በየሰዉ መዝግቦ መያዝም የአሠሪው ግዴታ ነው። በፋብሪካ ቋንቋ እንዲህ ይሆናል፣ ሱፐርቫይዘሩ ፈረቃው ሳያልቅ ፎርም ላይ ስም፣ ምክንያት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ብሎ ይሞላል፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፣ የሚቆየው ሰው መስማማቱን ይፈርማል፣ ሲጨርሱ ደግሞ የወጡበት ትክክለኛ ሰዓት ይሞላና ሱፐርቫይዘሩም ሠራተኛውም ይፈርማሉ። አንድ ኮፒ ለሠራተኛው ስጡት፣ ካልሆነም በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሠራተኞችን ሱፐርቫይዘሩ ሊስቱ ውስጥ እንዳያስገባ ንገሩት፣ ለነሱ ኦቨርታይም የተከለከለ ነው።

«ያልተፈቀደ ኦቨርታይም አይከፈልም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አትጻፉ። ሰውየው በራሱ ቆይቶ ከሆነ እሺ፣ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚሆነው ሱፐርቫይዘሩ «ዛሬ ትቆያላችሁ» ብሎ በቃል አዞ ወረቀቱን ሳይሞላ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። የሱን ስንፍና ለምን ሠራተኛው ይክፈል? መመዝገቡ የአሠሪው ነው ካልን በቃል የታዘዘም ይከፈላል፣ ፎርሙ በማግሥቱ ይሞላል።

እንግዲህ የሚለጠፈው ይሄን ይመስላል፦

«ስለ ኦቨርታይም፣ በሰዓት 40 ብር ለሚከፈላችሁ ሠራተኞች
ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ በሰዓት 60 ብር
ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፦ በሰዓት 70 ብር
በእረፍት ቀናችሁ፦ በሰዓት 80 ብር
በበዓል ቀን፦ መደበኛው ሰዓት 80 ብር፣ ኦቨርታይሙ 100 ብር
ይሄ የሰዓቱ ሙሉ ክፍያ ነው፣ ከታክስ በፊት። የሚከፈለው በደሞዝ ቀን ነው።
ምሳሌ፦ ፈረቃው ምሽት 3 ሰዓት አልቆ እስከ 5 የቆየ 60 ሲደመር 70፣ 130 ብር።
ከመቆየታችሁ በፊት ፎርሙ ላይ ስማችሁና ሰዓቱ መኖሩን አይታችሁ ፈርሙ። ስትወጡ የወጣችሁበትን ሰዓት አስሞልታችሁ ፈርሙ፣ ኮፒ ውሰዱ። ሱፐርቫይዘር በቃል ካዘዛችሁ በማግሥቱ ጠዋት አስሞሉ።
በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይቻልም።
የጎደለ ካለ ኮፒውን ይዛችሁ ሰው ኃይል ክፍል ኑ።»

ከታች ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ቀኑን ጻፉ፣ የሰዓት ክፍያው የተጨመረ ዕለት የብሩ ቁጥር በሙሉ ስለሚቀየር የድሮው ወረቀት ያኔውኑ መነሳት አለበት። ማንበብ የሚቸገሩ ስለሚኖሩ በፈረቃ መቀያየሪያ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ለሁለቱም ፈረቃ። የጎደለ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ይሄን ማስታወቂያው ላይ ማስገባት የማይወዱ አሠሪዎች አሉ፣ እኔ ብሆን አስገባዋለሁ፣ ሰው ቅሬታውን አከማችቶ በዓመቱ ከሚመጣ በወሩ ቢያመጣው ለሂሳብ ክፍሉም ይቀላል።