የመምህሩ መግቢያ ጽሑፍ ወላጅ ጋ አልደርስ ሲል

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቶች መምህራንን «ስለራሳችሁ ለወላጅ አጭር ጽሑፍ ጻፉ» ይላሉ። እዚህ አዳማ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር የጻፈው ጽሑፍ ይህን ይመስል ነበር፦ «በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለኝ፣ የረጅም ጊዜ ልምድ ያካበትኩ መምህር ነኝ። ልጆቻችሁን እንደ ልጆቼ አያለሁ። ወላጆች ክትትል እንድታደርጉ አሳስባለሁ።»

ስህተት የለበትም። ግን ችግር አለበት።

ምልክት፦ ወላጁ አንብቦ ሲያበቃ «ደህና ሰው ይመስላል» ይላል፤ ልጁ ምን እንደሚማር ግን አያውቅም።

ምክንያቱን ለማግኘት «ሒሳብ» የሚለውን አጥፍታችሁ «ባዮሎጂ» ብላችሁ አንብቡት። ያው ነው አይደል? ዲግሪው የተጻፈው ለቀጣሪ ነው። «እንደ ልጆቼ» የሚለውን ደግሞ ማንም መምህር ሊፈርምበት ይችላል። የሒሳብ ዕውቀቱ አልታየም፤ ፍቅሩም ቢሆን በቃል ብቻ ቀርቷል።

መፍትሄው ከትምህርቱ ውስጥ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱትን አንድ ነገር መምረጥ ነው። አንድ ብቻ። ስህተቱ ከየት እንደሚመጣና ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚስተካከል ወላጅ በሚገባው መንገድ መናገር ነው። የልጆችን ስህተት ከነምክንያቱ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ነውና ሙያው እዚያ ላይ በደንብ ይታያል። የመምህሩ ጽሑፍ ሲስተካከል እንዲህ ሆነ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የልጅዎ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝ። ደብተር ስናርም ብዙ ጊዜ 1/2 + 1/3 = 2/5 የሚል መልስ ያጋጥመናል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ሙሉ ቁጥር ሲደምር የለመደውን መንገድ ይዞ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሮ ነው። ግን ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ እናገኛለን? 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ወረቀት አጥፈን 6 እኩል ቦታ እንከፍላለን። ግማሹ 3 ቦታ፣ ሲሶው 2 ቦታ ይይዛል፤ ድምሩ 5/6 ይሆናል።

«ቤት ውስጥ ሒሳቡን እንዲሠሩለት አልጠይቅዎትም። ልጅዎ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ‹መልሱ ከግማሽ የሚበልጥ ይመስልሃል ወይስ የሚያንስ?› ብለው ብቻ ይጠይቁት። ሴት ልጅ ከሆነችም እንደዚያው። መልሱ ግራ ካጋባዎት ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ይጻፉልኝ፤ ክፍል ውስጥ አብረን እናየዋለን። በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ።»

ዲግሪው አልቀረም፤ ወደ መጨረሻ ሄደ እንጂ። እዚያ ሲደርስ ወላጁ ሰውየውን አምኖታል። «ላዕል» እና «ታህት» የሚሉትን ቃላት ደግሞ ሆን ብለን ተውናቸው። ሱቅ ስትሸጥ የምትውል እናት ትምህርቷን ከ6ኛ ክፍል ያቋረጠች ልትሆን ትችላለች፤ ግማሽና ሲሶን ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጥያቄውን ለመጠየቅ መልሱን ማወቅ አያስፈልጋትም።

ምልክት፦ ጽሑፉ ይቆጣል።

«ክትትል እንድታደርጉ አሳስባለሁ» የስብሰባ ቋንቋ ነው። ወላጁ ገና ሳይተዋወቅ ተወቀሰ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያለፈው ዓመት ብስጭት ነው፤ ይገባል፣ ግን አዲሱ ወላጅ ምን አጠፋ? «ተከታተሉ» ከማለት በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ አንድ ሥራ ስጡት፤ ከላይ ያለው ጥያቄ ይበቃል። በ«እርስዎ» ከጀመራችሁ ደግሞ ለአንድ ወላጅ እየተናገራችሁ መሃል ላይ «እናንተ ወላጆች» አትበሉ። ወዲያው ስብሰባ ይሆናል።

ምልክት፦ ወላጁ ሰኔ ላይ «ቃል ገብተህልኝ ነበር» ብሎ ይመጣል።

«ልጅዎ ከ90 በላይ እንዲያመጣ አደርጋለሁ» የሚል መስመር ካለ ዛሬውኑ ሰርዙት። መምህር ቃል መግባት የሚችለው ስለራሱ ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ስህተቱን ምልክት አድርጎ ብቻ እንደማይመልስ፣ ከየት እንደመጣ ከጎኑ እንደሚጽፍ። ይህንንም የምታደርጉት ከሆነ ብቻ ጻፉት። 60 ልጅ ባለበት ክፍል በየሳምንቱ የሁሉንም ደብተር እንዲህ ማረም ከባድ ነው፤ «በየምዕራፉ መጨረሻ» ማለት ይሻላል።

መስተካከሉን ለማወቅ ሒሳብ ለማይወድ አንድ ወላጅ አስነብቡትና «ዛሬ ማታ ልጅዎን ምን ይጠይቁታል?» በሉት። «ጥሩ ተጽፏል» ብሎ ካለፈ ገና ነው። «ከግማሽ ይበልጣል ወይ እለዋለሁ» ካለ ለጥፉት።