መቀመጥ የሚያሳምም የፕሮስቴት ሕመም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የ38 ዓመት ሰው እናስብ። በቆለጡና በፊንጢጣው መካከል ያለው ቦታ ያመዋል። ትንሽ ከተቀመጠ ይብስበታል። ሽንቱ ቀጥኗል፣ ቶሎም አይመጣለትም። ትኩሳት የለውም። ይህ ከጀመረው አራት ወር ሆኖታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ሦስት ጊዜ ወስዷል። ሲወስድ ሻል ይለዋል፣ ሲጨርስ ይመለስበታል።

የመጀመሪያው ስህተት ሽንት ሳይመረመር አንቲባዮቲክ መጀመር ነው። ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ ሥር ያለ እጢ ነው፤ "ፕሮስቴት ነው" ሲባል ብዙ ሰው ኢንፌክሽን ይመስለዋል። ግን ሥር ከሰደደ የፕሮስቴት ሕመም ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ባክቴሪያ የማይገኝበት ነው። ባክቴሪያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚለየው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ በዚያው ጀርም እየተመላለሰ ስለሚይዘው ነው።

መለያው ቀላል ነው፤ የሚገርመው ብዙ ጊዜ አለመሠራቱ ነው። መጀመሪያ ሽንት ይሰጣሉ። ከዚያ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ፕሮስቴቱን ጫን ጫን ያደርጋል። ወዲያው ሁለተኛ ሽንት ይሰጣሉ። ሁለቱም ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ፣ ይላካሉ። በሁለተኛው ላይ ጀርሙ በጣም በዝቶ ከተገኘ ምንጩ ፕሮስቴቱ ነው። አንቲባዮቲክ ቀድመው ከዋጡ ግን ጀርም እያለም ውጤቱ ንጹሕ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው፣ "መድኃኒቱ አሻለኝ፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን ነው" ማለት። ይህ ሕመም በራሱም ይነሣል፣ ይተኛል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮችም ብግነትን በራሳቸው ይቀንሳሉ። መድኃኒት ወደ ፕሮስቴት በቀላሉ ስለማይዘልቅ፣ እውነተኛው ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሕክምና ይፈልጋል። ጀርም ለሌለበት ሰው ደግሞ መደጋገሙ ትርፉ ጉዳት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማት ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥስ ይችላል።

የእኛ ሰውዬ ሁለቱም ሽንቶቹ ንጹሕ ሆኑ። ሐኪሙ ከፕሮስቴቱ ጎን ያለውን የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ ማለትም ፊኛንና ፊንጢጣን ከሥር የሚደግፈውን ጡንቻ፣ ሲጫነው ግን ያው የለመደው ሕመም ተቀሰቀሰ። ጡንቻው ተወጥሮ ነበር። ሽንት የሚያቀጥነውም ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሲሸኑ መላላት ያለበት ጡንቻ አይላላም። የሽንት ቧንቧ መጥበብና የፕሮስቴት ማደግም ሽንት ስለሚያቀጥኑ እነሱም መታየት አለባቸው።

ሦስተኛው ስህተት እዚህ ይመጣል፦ ኢንተርኔት ላይ አይቶ የዳሌ ጡንቻን እየጨበጡ መልቀቅ፣ ማለትም ኬግል መሥራት። የተወጠረውን ጡንቻ ጭራሽ ያባብሰዋል። የሚረዳው ማላላትን የሚያስተምር ፊዚዮቴራፒ ነው። ሽንቱን ለማቅለል ሐኪም ታምሱሎሲን የተባለውን፣ የፕሮስቴትንና የፊኛን አፍ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከፋል። ድንገት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ሽንት ጭራሽ ከተዘጋ፣ "የቆየ ሕመሜ ነው" ብለው አይደሩ። አጣዳፊ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሂዱ። ያን ጊዜ ፕሮስቴቱን ማሸት ክልክል ነው፤ ባክቴሪያውን ወደ ደም ሊገፋው ይችላል።